የሚጥል በሽታ ያለባት ነፍሰ ጡር ቫልፕሮኤት ታቁም ወይስ ትቀጥል? የመውጫ ፈተና ልምምድ ጥያቄ

ጠያቂ፦ የ5ኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ለመውጫ ፈተና ስንዘጋጅ አንድ ጥያቄ አከራክሮናል። የሚጥል በሽታ ያለባት የ24 ዓመት ሴት ሶዲየም ቫልፕሮኤት 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ትወስዳለች፤ ካለፈው ዓመት ወዲህም ጥሏት አያውቅም። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ይመጣል፤ የመጨረሻው የጀመረው መስከረም 1 ቀን ነው። ጥቅምት 20 ቀን ስትመረመር ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ሀ) ቫልፕሮኤቱን ዛሬውኑ ማስቆም፣ ለ) ዛሬውኑ በፌኖባርቢታል መተካት፣ ሐ) ሳታቋርጥ እየወሰደች በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት መላክ፣ መ) እርግዝናውን ማቋረጥ። እኔ «ሀ» አልሁ፣ ጓደኛዬ «ለ» አለ፤ መምህራችን ግን መልሱ «ሐ» ነው ብለው አለፉት። ጽንስን እንደሚጎዳ እየታወቀ እንዴት ትቀጥላለች ይባላል?

ጤና መኮንን፣ ዳንግላ

መምህራችሁ ልክ ናቸው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቫልፕሮኤት ለሚጥል በሽታ ምድብ ዲ እንጂ ምድብ ኤክስ ውስጥ አይደለም፤ በእርግዝና ጊዜ ጨርሶ የማይሰጡት የከፋ ጉዳት የሚያደርሱት የኤክስ መድኃኒቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ የእርግዝናው መጀመሪያ «ወይ ሁሉም ወይ ምንም» የሚባልበት ጊዜ ስለሆነ ጽንሱ እስካሁን ካልወረደ አልተጎዳም ማለት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ብትቀጥል ችግር የለውም።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ ከዳንግላ የሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ የሰጣቸው ምክንያቶች ግን ተማሪዎች በፈተና ላይ የሚሳሳቱባቸው እነዚያው ናቸው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልመለስባቸው።

በቅድሚያ ቀኑን እንቁጠር። የእኛ ወር 30 ቀን ብቻ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 20 ድረስ 49 ቀን ነው፤ በሐኪም አቆጣጠር የሰባት ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ጽንሱ የተፈጠረው ግን መስከረም 1 ሳይሆን መስከረም 15 ገደማ በመሆኑ የራሱ ዕድሜ 35 ቀን ነው። የጽንስ አፈጣጠር መጻሕፍት የሚቆጥሩት ከመፀነስ ጀምሮ ሲሆን የእርግዝና ክትትል ካርድ የሚቆጥረው ከወር አበባ ጀምሮ ነው፤ ተማሪው አንዱን ቁጥር ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው ወስዶ ሲያዳብል የሁለት ሳምንት ስህተት ይገባል። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሁሉንም ነገር ይለውጣል።

«ወይ ሁሉም ወይ ምንም» የሚባለው ከመፀነስ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት፣ በዚህች ሴት ከመስከረም 15 እስከ 29 ያሉት ቀናት ብቻ ናቸው። ያ ጊዜ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ስለዚህ ጽንሱ አልወረደምና ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ከመስከረም 29 በኋላ የአካል ክፍሎች የሚሠሩበት ጊዜ ገብቷል። ቫልፕሮኤት ከሁሉ በላይ የሚታወቅበት ጉዳት የህብለ ሰረሰር ክፍተት ሲሆን፣ የነርቭ ቱቦው የሚዘጋው ከመፀነስ 28 ቀን ገደማ በኋላ፣ ማለትም ጥቅምት 13 አካባቢ ነው። ሴትዮዋ የመጣችው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። ጠያቂያችን «ሀ»ን የመረጠው ጽንሱን ከዚህ ጉዳት ለማዳን አስቦ ከሆነ በሩ አስቀድሞ ተዘግቷል፤ ዛሬ ማቆም የኋላውን አይመልስም። ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊ ግራም ብታዝላትም ለነርቭ ቱቦው ደርሶ አይደለም፤ መጀመር የነበረበት ከእርግዝና በፊት ነበር።

ይህ ግን «ከእንግዲህ ምንም አይጎዳም» ወደሚል ሁለተኛ ስህተት እንዳይወስደን። ልብ ገና እየተከፋፈለ ነው፤ ላንቃም የሚገጥመው እስከ ኅዳር መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። አንጎል ደግሞ እስከ መውለጃው ቀን ማደጉን አያቆምም። ቫልፕሮኤት እየተወሰደ ከተወለዱ ሕፃናት ከአሥሩ አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይኖርበታል፤ ከመቶ 30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በኋላ በአነጋገር፣ በትምህርት ወይም በባሕርይ የዕድገት ችግር ይታይባቸዋል። መድኃኒት በማይወስዱ እናቶች የአካል ጉድለቱ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ነው። ስለዚህ «ብትቀጥል ችግር የለውም» የሚለው ቃል ትክክል አይደለም። የምትቀጥለው ችግር ስለሌለው ሳይሆን በድንገት ማቆሙ የባሰ ስለሆነ ነው። ቫልፕሮኤት በአንድ ቀን ሲቋረጥ የማያባራ መጣል ሊከተል ይችላል፤ በዚያ ጊዜ እናትየዋ ኦክስጅን ያጥራታል፣ ትወድቃለች፣ ልትሞትም ትችላለች፤ ጽንሱም ከእርሷ ጋር ነው።

አሁን ወደ ፊደሎቹ። የቫልፕሮኤት ጉዳይ የፊደሎቹን ትርጉም ከማንኛውም ምሳሌ በላይ ያሳያል፦ ይኸው አንድ መድኃኒት በአሜሪካ አመዳደብ ለሚጥል በሽታ ሲሰጥ ዲ፣ ለማይግሬን መከላከያ ሲሰጥ ግን ኤክስ ተብሎ ነበር። ኪኒኑ አንድ፣ ጽንሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ፣ ፊደሉ ሁለት። ኤክስ የሚለው ፊደል የጉዳቱን ክብደት የሚለካ ሳይሆን በየትኛውም ነፍሰ ጡር ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል የሚል ፍርድ ነው። ማይግሬንን በሌላ መድኃኒት መከላከል ይቻላል፤ የሚጥል በሽታ ግን አንዳንዴ ከቫልፕሮኤት ሌላ የሚይዘው አይገኝም። የእርግዝና መከላከያ እንክብልም የጽንስ አካል ያበላሻል ተብሎ ሳይሆን ለነፍሰ ጡር ምንም ጥቅም ስለሌለው ብቻ ኤክስ ውስጥ ነበር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እነዚህን ፊደሎች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዳዲስ የመድኃኒት መግለጫዎች ላይ እንዲወጡ ያደረገው ሰው እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ስለሚያነባቸው ነው። የእኛ ማስታወሻዎች ግን ዛሬም ከእነርሱ አልተላቀቁም።

ስለ ጓደኛህ «ለ»ም አንድ ነገር ልበል። ፌኖባርቢታል በየጤና ጣቢያው ስለሚገኝና የቆየ ስለሆነ ብዙዎች ለነፍሰ ጡር ደኅና ይመስላቸዋል፤ እርሱም ራሱ ከአካል ጉድለት ጋር የተያያዘ መድኃኒት ነው። በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን ላይ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅበት፣ ቫልፕሮኤትን ዛሬ አቁሞ እርሱን ዛሬ መጀመር ሴትዮዋን በመካከሉ ያለ መከላከያ ያስቀራታል። ሁለቱ አብረው ከተሰጡ ደግሞ ቫልፕሮኤት የፌኖባርቢታልን መወገድ ስለሚቀንስ መጠኑ ይከማችና እንቅልፍ ይጥላታል።

እናት፣ ከወምበርማ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ ስለ ጽንስና መድኃኒት ስትነጋገሩ አይቼ ነው። ቆላ ስለምንኖር ወባ ይዞኝ ጤና ጣቢያ ኮአርተም 24 ፍሬ ሰጡኝና በሦስት ቀን ጨረስሁ። ያን ጊዜ አርግዤ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። እናንተ እንደምትሉት ከሆነ ልጄ ተጎድቶ ይሆን?

አዋላጅ ነርስ፣ ሞጣ

እህቴ፣ የሚነጋገሩበት መድኃኒት ሌላ ነው፤ አይደንግጡ። የወሰዱት መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ጭምር የሚመክረው ነው፤ ወባውን ሳይታከሙ ቢቀሩ ግን ለእርስዎም ለጽንሱም ያስፈራ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡ፦ ከኮአርተሙ ሌላ ለብዙ ቀናት የሚወሰድ ፕሪማኩዊን የሚባል ኪኒን ተሰጥቶዎት ከሆነ፣ አሁን ነፍሰ ጡር መሆንዎን ለሰጡዎት ባለሙያዎች ይንገሩ። እርሱ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ምክንያቱ አካል ማበላሸቱ ሳይሆን የጽንሱን ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ መቻሉ ነው። ክትትልም ካልጀመሩ በዚህ ሳምንት ይጀምሩ።

ለተማሪዎቹም አንድ ነገር ልጨምር። ጥያቄው ላይ «መስከረም 1» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ የምትመጣ እናት ግን «ከመስቀል በፊት ነው፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ» ትላለች፤ በመካከሉ ሁለት ሳምንት አለ። ቫልፕሮኤት የምትወስድ ከሆነ ያ ሁለት ሳምንት የነርቭ ቱቦው ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም የሚለውን ይወስናል። በዚህ ዕድሜ አልትራሳውንድ የጽንሱን ርዝመት ለክቶ ዕድሜውን በጥቂት ቀናት ልዩነት ይነግረናልና ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት አስለኩ። የአከርካሪውንና የልቡን ሁኔታ ለማየት ደግሞ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሆናት እንደገና መታየት አለባት።

ጠያቂ

ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን «ሀ» እና «ለ» ለምን እንደወደቁ ገባኝ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ፦ ስፔሻሊስቱ ጋ ስትደርስ ምን ይደረግላታል? ያው ቫልፕሮኤት ይቀጥላል ወይስ ይለወጣል?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ባሕር ዳር

እኔ ከሆንሁ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ዓይነት መጣል እንደነበረባት ነው። ከአንድ ወገን የሚጀምር ከሆነ ሌሎች መድኃኒቶች በደንብ ስለሚይዙት በጥንቃቄ ወደ ላሞትሪጂን ወይም ሌቬቲራሴታም ማዛወርን አስባለሁ፤ የአንጎል ዕድገት ወራት ገና ከፊት ስለሆኑ በሰባት ሳምንትም ቢሆን አልረፈደም። ላሞትሪጂን ሽፍታ እንዳያመጣ ቀስ ተብሎ ስለሚጨመር፣ ከቫልፕሮኤት ጋር ሲሰጥም መጠኑ በግማሽ ገደማ ስለሚቀነስ፣ በሳምንታት የሚቆጠር ሥራ ነው።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ባሕር ዳር

እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ ዶክተር። በዝውውሩ ሳምንታት ጽንሱ በአንድ ጊዜ ሁለት መድኃኒት ያገኛል፤ አካል በሚሠራበት ጊዜ ሁለት መሆኑ ራሱ አደጋ ነው። መጣሏ ሁለንተናዊ ከሆነና ሌላ መድኃኒት ተሞክሮ ካልያዘላት፣ የቫልፕሮኤቱ ጉዳት ከመጠኑ ጋር ስለሚጨምር፣ በቀን 1000 ሚሊ ግራሙን መጣሉ ሳይመለስ እስከሚቻለው ድረስ ማውረድን እመርጣለሁ።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ባሕር ዳር

ሁለንተናዊ ከሆነ በሐሳብዎ እስማማለሁ። ከአንድ ወገን ለሚጀምረው ግን በሐሳቤ እጸናለሁ፤ ላሞትሪጂን በእርግዝና ወራት በደም ውስጥ መጠኑ ስለሚወርድ በየጊዜው መጨመር እንዳለበት ሳልዘነጋ ነው። ጥያቄው ላይ የመጣሉ ዓይነት አልተጻፈም፤ ስለዚህ ከ«ሐ» በላይ መሄድ አይቻልም።

ጤና መኮንን፣ ዳንግላ

እኔም አንድ ልጠይቅ። ይህች ሴት ከማርገዟ በፊት ክትትል ላይ ሳለች መጥታ ቢሆንና ጥያቄው «ለማርገዝ አስባለች» ቢል መልሱ ይለወጣል?

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ባሕር ዳር

አዎን፣ ፈጽሞ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚቻል ከሆነ መድኃኒቱ የሚለወጠው ከማርገዟ በፊት ነው፤ ዝውውሩ አልቆ መጣሉ በአዲሱ መያዙ እስኪረጋገጥ ድረስ እርግዝና መከላከያ እንድትጠቀም፣ ፎሊክ አሲዱንም አሁኑኑ እንድትጀምር ይነገራታል። በፈተና ላይ «አርግዛለች» እና «ለማርገዝ አስባለች» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከማንኛውም ነገር በፊት አስምሩባቸው።