የተርባይን ብሌድ ቅይጥ የሙቀት ገደብ በምን ይወሰን?

ባሕር ዳር ላይ የምሠራው የመመረቂያ ጽሑፍ ለጋዝ ተርባይን ብሌድ በሚያገለግለው የኒኬል ቅይጥ፣ በኢንኮኔል 738 ክሪፕ፣ ማለትም በሙቀትና በውጥረት ሥር ቀስ በቀስ በመለጠጡ ላይ ነው። በእጄ ባለው የሙከራ መረጃ ናሙናው በ850 ዲግሪ ሴልሺየስና በ250 ሜጋፓስካል ውጥረት 1,000 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ተበጥሷል። የመለጠጡ ፍጥነት እየቀነሰ ሄዶ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ በመማሪያ መጻሕፍት እንደሚሳለው ሁለተኛ ደረጃ ጸንቶ ሳይዘልቅ ወዲያው መጨመር ስለሚጀምር፣ አብዛኛው ዕድሜው በሦስተኛው ደረጃ ያልፋል። ሙቀትንና የመበጠሻ ሰዓትን በሚያያይዘው በላርሰን-ሚለር ቀመር፣ ቋሚውን ቁጥር 20 አድርጌ ሳሰላው፣ በዚያው ውጥረት 20,000 ሰዓት እንዲቆይ ሙቀቱ ከ790 ዲግሪ መብለጥ የለበትም፤ ይህ ግን መበጠሻውን እንጂ ብሌዱ ተለጥጦ የተርባይኑን ቤት የሚነካበትን ጊዜ አይነግረኝም። ታዲያ እንዲህ ላለ ቅይጥ የሙቀት ገደቡን በመበጠሻው ሰዓት ልወስን ወይስ 1 በመቶ በሚለጠጥበት ሰዓት?