የሳባቲካል ጥያቄዬ ከዲፓርትመንት ተመለሰብኝ፤ ዓላማውን፣ ውጤቱንና የመመለስ ግዴታውን እንዴት ልጻፍ?

የአፈር ላብ (ጠያቂ)

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ የአንድ ዓመት ሳባቲካል ጠይቄ ካውንስሉ «ዓላማው ጥቅል ነው፣ ውጤቱ አይለካም፣ የመመለስ ግዴታ የለበትም» ብሎ መለሰው። የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «በአሲዳማ አፈር ላይ ምርምር ለማካሄድ፣ ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ልምድ ለመለዋወጥና ዕውቀቴን ለማዳበር የአንድ ዓመት ሳባቲካል እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስመለስም ዩኒቨርሲቲውን በላቀ ትጋት አገለግላለሁ።» ጀርመን አገር ያለ አንድ ላብ ለስድስት ወር ሊቀበለኝ ተስማምቷል፣ ቀሪውን ጊዜ እዚሁ ነኝ። ምኑን ላስተካክል?

ፍትሐዊ

እህቴ፣ ሳባቲካል በሴኔት ሌጂስሌሽን የተቀመጠ መብትሽ ነው። ዓመቱን ከሞላሽ ሊከለክሉሽ አይችሉም። ዓላማ ምናምን እያሉ የሚያመላልሱሽ ለማጉላላት ነው። አንቀጹን ጠቅሰሽ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ አቤት በይ።

ሁለት ጊዜ ዲፓርትመንት የመራ

በሌጂስሌሽኑ መቀመጡ ትክክል ነው። ነገር ግን እኔ በማውቃቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንቀጹ «የማስተማር ሥራው የማይስተጓጎል ከሆነ» የሚል ሐሳብ አብሮት አለ። ዓመት መሙላት ለመጠየቅ ያበቃል እንጂ ማስፈቀድ ሌላ ሥራ ነው። ካውንስሉን ዘሎ ፕሬዚዳንት ጋ የሄደ ደብዳቤ ደግሞ «ዲፓርትመንቱ አስተያየት ይስጥበት» ተብሎ ወደዚያው ካውንስል ይወርዳል፤ ያኔ የሚጠብቅዎት የተቀየመ ስብሰባ ነው።

ዶክተር፣ ካውንስሉ ላይ የሚቀመጠው ሰው ወረቀትዎን ሲያነብ በሆዱ የሚጠይቀው «የእርስዎን ኮርስ እኔ ላይ ሊጭኑት ነው ወይ?» ብሎ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ዓላማው ጥቅል ነው» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ይህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው ጋር አንድ ገጽ ያያይዙ። በሁለቱ ሴሚስተር የሚደርስዎት ኮርስ የትኛው ነው? ማን ሊይዘው ተስማማ? የትኛው ወደ ክረምት ወይም ወደሚቀጥለው ዓመት ቢዛወር ተማሪ አይጎዳም? የሚያማክሯቸው የማስተርስ ተማሪዎችስ የት ደርሰዋል? የሚተካዎት ሰው ፈርሞበት ከመጣ የስብሰባው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ማመልከቻውም የቀጣዩ ዓመት የኮርስ ምደባ ከመጽደቁ በፊት ይግባ። ሎድ ተደልድሎ ካበቃ በኋላ የመጣ ጥያቄ ለሁሉም ራስ ምታት ነው።

ዓላማውን በተመለከተ ግን ካውንስሉ እውነት አለው። «በአሲዳማ አፈር ላይ ምርምር» ማለት የሙያ ዘርፍዎን መናገር ነው። የትኛው አፈር? ምን ሊለኩበት? ለምን አንድ ዓመት? ለምን ጀርመን? እስቲ እዚሁ ይንገሩንና አብረን እንጻፈው።

የአፈር ላብ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ ጋሼ። ጥናቱ አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። ገበሬው መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ሲለው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክልበታል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስልና መሬቱን እንደገና ያርሰዋል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከዛፉ በኋላ አፈሩ በእርግጥ አገግሞ እንደሆነ ነው። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል፤ ዛፉ ይህን ያቃልለዋል ወይስ ያባብሰዋል? ከ60 ማሳ ናሙና ሰብስቤ አድርቄ አስቀምጫለሁ። ፒኤችና ፎስፈረስ በእኛ ላብ ይሠራል። የካርቦኑን ክፍልፋይ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ግን የለንም፤ ጀርመን የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ሁለት ጊዜ ዲፓርትመንት የመራ

ይኸው፣ ዓላማዎ እዚህ ተጽፎ ተቀምጧል። ከማመልከቻው ላይ ልምድ መለዋወጡንና ዕውቀት ማዳበሩን አውጥተው ይህን ያስገቡ፦

«የሳባቲካሉ ዓላማ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከዲከረንስ ምርት በኋላ እንደገና በታረሱ ማሳዎች ላይ የአፈሩ አሲዳማነትና የካርቦን ይዞታ መሻሻል አለመሻሻሉን መለየት ነው። ከ60 ማሳ የተሰበሰበው ናሙና የፒኤች፣ የአሉሚኒየምና የፎስፈረስ ልኬት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በዲፓርትመንታችን ላብ ይጠናቀቃል። በዩኒቨርሲቲያችን የማይሠራው የካርቦን ክፍልፋይ ትንተና ከጥር እስከ ሰኔ በተቀባዩ ላብ ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ለጽሑፍ ሥራ ይውላሉ።»

አንባቢው ለምን ጀርመን፣ ለምን ዓመት ብሎ የሚጠይቀው አይኖርም።

ውጤቱ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በእጅዎ ያለውን ብቻ ቃል ይግቡ። «ሁለት ጽሑፍ አሳትማለሁ» አይበሉ። ጆርናሉ ገምጋሚ አጥቶ ስምንት ወር ቢይዘው ሪፖርትዎ ላይ «አልተፈጸመም» ተብሎ ይሰፍርና ለሚቀጥለው ጠያቂ ሁሉ ማስፈራሪያ ይሆናል። «አንድ ጽሑፍ ተጠናቆ ለጆርናል ይላካል፣ የሁለተኛው ረቂቅ ለዲፓርትመንቱ ይቀርባል» ይበሉ፤ የጆርናሉ የመቀበያ ኢሜይል ማስረጃ ይሆንዎታል። ከዚያ ለዲፓርትመንቱ የሚቀር ነገር ይጨምሩ። ለምሳሌ የተማሩትን አሠራር ለማስተርስ ተማሪዎች የላብ ማኑዋል አድርገው መጻፍ ይችላሉ። ካውንስሉ ላይ ከጽሑፎቹ ይልቅ ሰው የሚወደው ይህን ነው፤ ለእሱም ይደርሰዋላ። በየካቲት የግማሽ ዓመት ሪፖርት፣ ሲመለሱ አንድ ሴሚናር። ከዚህ በላይ አያብዙት።

ገና ጀማሪ

ዶክተር እኔም ተመሳሳይ ችግር ላይ ነኝ። ለፒኤችዲ ልወጣ ነው፤ ሰው ሀብት ደመወዙ የሚመጥን ዋስ አምጣ ብሎኛል። ያመጣሁት ዋስ ደግሞ ለሌላ ሰው ፈርሞ ተገኘ። እርስዎ ዋስ ከየት አገኙ?

ሰው ሀብት ውስጥ የምሠራ

ወንድሜ፣ የአንተ የትምህርት ፈቃድ ነው፤ የእሷ ሳባቲካል ነው። የአንተ ዓመታት የሚፈጅ ስለሆነ ዋሱም ጥብቅ ነው። ለሌላ የፈረመ ሰው በእኛ ቤት አይቀበሉም፤ ሌላ ፈልግ ወይም ያኛው ውል ካለቀ የነፃ ወረቀት ያምጣልህ።

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። «በላቀ ትጋት አገለግላለሁ» የሚለው ለእኛ ክፍል ምንም አያሠራንም። ግዴታ ስንል የምንፈልገው ሰውየው በየትኛው ቀን ሥራ ላይ እንደሚገኝ፣ ከዚያ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል፣ ካልተመለሰ ምን እንደሚከፍል ነው። እንዲህ ብለሽ ብትጽፊው እኛ ጋ ያልፋል፦

«ፈቃዱ በጳጉሜን መጨረሻ ሲያበቃ መስከረም 2 በሥራ ገበታዬ ላይ ተገኝቼ ለሰው ሀብት በጽሑፍ ሪፖርት አደርጋለሁ። ከተመለስኩ በኋላ ቢያንስ ከፈቃዱ ጊዜ ጋር እኩል ለሆነ ጊዜ አገለግላለሁ። ይህን ባልፈጽም በፈቃዱ ጊዜ የተከፈለኝን ደመወዝ ለመመለስ በውል እገደዳለሁ።»

«እኩል ለሆነ ጊዜ» የሚለውን ከራስሽ ዩኒቨርሲቲ ሌጂስሌሽን ጋር አስተያዪው፣ እጥፍ የሚጠይቅም ሊኖር ይችላል። ዋስ ሊጠይቁሽም ላይጠይቁሽም ይችላሉ፤ በተለይ ከአገር የምትወጪ ከሆነ ተዘጋጂ።

ደመወዝ ሙሉ የሚከፈል ከሆነ ጡረታው እንደወትሮው ይቆረጣል፣ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ፤ አገልግሎትሽም አይቋረጥም። ጀርመን «ትንሽ ልቆይ» ብለሽ ያለ ደመወዝ ካራዘምሽ ግን ያ ጊዜ ለጡረታ አይያዝልሽም። ማራዘሚያ ካስፈለገሽ ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ጠይቂ። ቀኑ ካለፈ በኋላ በኢሜይል የሚመጣ ማራዘሚያ እኛ ጋ ከሥራ እንደ መቅረት ነው የሚታየው፤ ደመወዝ መጀመሪያ ይታገዳል፣ ጥያቄው በኋላ ነው የሚታየው።

ያልነገርሽን አንድ ነገር አለ። ስንት ዓመት አገልግለሻል? ፒኤችዲ ላይ የነበርሽበትስ ተቆጥሯል?

የአፈር ላብ (ጠያቂ)

ከፒኤችዲ በፊት ሦስት ዓመት፣ ከተመለስኩ አራት ዓመት። የእኛ ሌጂስሌሽን ስድስት ተከታታይ ዓመት ይላል።

ሰው ሀብት ውስጥ የምሠራ

በእኛ ቤት ትምህርት ላይ የነበረ ሰው ተከታታይነቱ ተቋርጧል ተብሎ ከተመለሰበት ቀን ነው የሚቆጠርለት። በዚህ ስሌት ሁለት ዓመት ይጎድልሻል።

ሁለት ጊዜ ዲፓርትመንት የመራ

እኔ በነበርኩበት ግን የትምህርቱ ጊዜ ራሱ ባይቆጠርም የፊቱና የኋላው ይደመር ነበር። በዚያ ከሄድን ሰባት ሞልቷታል። ሌጂስሌሽኑ «ተከታታይ» ይላል እንጂ ትምህርት ያቋርጠዋል ወይ የሚለውን አይመልስም፤ እዚህ ተከራክረን የምንፈታውም አይደለም። ካውንስል ከመግባትዎ በፊት ሰው ሀብትን በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ያያይዙ። አይሞላም ካሉዎት ያንኑ ዓላማ ይዘው የአንድ ሴሚስተር የምርምር ፈቃድ ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ የሚጠይቀው አገልግሎት ያነሰ ነው። የጀርመኑ ስድስት ወር እዚያ ውስጥ ይገባል፣ የአገር ውስጡን ልኬት ከማስተማር ጎን ለጎን ይሠሩታል።

ባየርን ያለሁ

ስለ ደብዳቤው ሌሎቹ ብለዋል። እኔን ያሳሰበኝ አፈሩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከእንደ እኛ ያለ አገር አፈር እንዳይገባ ይከለክላል። ለምርምር ሲሆን ተቀባዩ ላብ ከአገሩ የዕፅዋት ጤና ባለሥልጣን ልዩ ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃዱም ከናሙናው ጋር አብሮ ይጓዛል። ናሙናው ደርቋል ማለት ነፃ ነው ማለት አይደለም። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ናሙናውን ሻንጣ ውስጥ ይዞ መጥቶ ኤርፖርት ላይ ተወስዶበታል፤ የቆይታው ግማሽ ሌላ ሰው የሰበሰበውን ዳታ ሲተነትን አለቀ። አስተናጋጅሽን ዛሬውኑ «ፈቃዱ አላችሁ ወይ? የእኔን ናሙና ይሸፍናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከኢትዮጵያ በኩልም የመውጫ ፈቃድ ስላለ ቀድመሽ ጀምሪው። የግብዣ ደብዳቤው ላይም የሚሰጥሽ ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን የትኛውን መሣሪያ በነፃ እንደምትጠቀሚ ይጻፍልሽ፤ አንዳንድ ላብ በናሙና ያስከፍላል።

የአፈር ላብ (ጠያቂ)

ስለ ፈቃዱ ማንም አልነገረኝም ነበር። አሁን ጽፌላቸዋለሁ። ኮርሶቹን በተመለከተ አንዱን ባልደረባዬ ሊይዝልኝ ፈርሟል፤ ሁለተኛውን የሚችለው ሰው የለም። ለሰው ሀብት የአገልግሎቱን ጥያቄ ነገ አስገባለሁ። የናሙናው ፈቃድ ባይደርስ ዓላማው ላይ ምን ልበል?

ሁለት ጊዜ ዲፓርትመንት የመራ

ዓላማው አይነካ። ከሥራ ዕቅዱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «የናሙና ማስገቢያ ፈቃድ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተገኘ የተቀባዩ ላብ ቆይታ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ዓመት መጨረሻ ይሸጋገራል፣ የመመለሻው ቀን ግን አይለወጥም።» ካውንስሉ የሚፈራው የመመለሻው ቀን እንዳይንሸራተት ነው። ሁለተኛውን ኮርስ ደግሞ ክረምት ላይ በብሎክ ለማስተማር ይጠይቁ፤ ሬጅስትራር ከተስማማ ሐምሌን ለጽሑፉ፣ ነሐሴን ለእሱ ይስጡ።

ሰው ሀብት ውስጥ የምሠራ

ነሐሴ ላይ የምታስተምር ከሆነ ፈቃዱ ሐምሌ 30 ያበቃል ተብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ በፈቃድ ላይ ያለ ሰው ኮርስ ያዘ ተብሎ ክፍያውም ውጤት ማስገባቱም ይቆማል።