ለሒሳብ ቪኤሙ ስንት ራም፣ ስንት ኮር እንስጠው?

ጸሐፊ፦ ለስብሰባው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ እናብስለው። የቢሮው ኮምፒውተር ራሙ 8 ጊጋ፣ ኮሩ 4 ነው። ዋናው ሲስተም ኡቡንቱ ነው፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ በቪኤሙ፣ ማለትም ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ባለው ዊንዶውስ 10 ላይ ይሠራል። ባለፈው ለዊንዶውሱ 6 ጊጋና አራቱንም ኮር ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ብራውዘር ስንከፍት የማውሱ ቀስት ባለበት ቀጥ ይላል። የዲስኩ መብራት ግን ብልጭ ብልጭ ማለቱን አይተውም። ደረሰኝ የሚጠብቅ አባል ቆሞ ይውላል።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ መቀነስ ያለበት አይመስለኝም። ዊንዶውሱ ካልተጠቀመበት ለዋናው ይመልስ የለ?

ጥገና፦ ጋሼ፣ በኮሩ በኩል ልክ ነዎት። ኮር በተራ ነው የሚሠራበት፤ ዊንዶውሱ ሥራ ሲፈታ ዋናው ይወስደዋል። ራም ግን እንደዚያ አይደለም። ዊንዶውሱ አንዴ የነካውን ራም፣ በኋላ ባይፈልገውም ቨርቹዋልቦክስ በራሱ አይመልስም። ዋናው ሲጠበው ራም ውስጥ ያለውን ወደ ዲስክ ማውጣት፣ መልሶ ማስገባት ይጀምራል። መብራቱ የሚያብለጨልጨው ለዚያ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ፣ ቀርፈፍ ማለት ሲጀምር ይቺን አስኪዷት፦

```
vmstat 1
```

si እና so ከሚሉት ሥር አልፎ አልፎ ቁጥር ቢመጣ ግድ የለም። በየሰከንዱ ከተከታተለ ግን ራም አልበቃም ማለት ነው።

አዲስ አባል፦ እኔም ቤት ዲስኩ ሞልቶ እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር። የድሮ ፎቶዎቹን ብናጠፋስ?

ጸሐፊ፦ ዲስኩማ ግማሹ ባዶ ነው እህቴ። ቁጥሩን አየሁት፣ si እና so አንዴም ዜሮ አልሆኑም። ከዚያ ቪኤሙን አጥፍቼ፣ ብራውዘሩንና ስካነሩን እንደ ሥራ ቀን ከፍቼ `free -h` አልኩ። ጠቅላላው 7.6፣ available የሚለው 5.2 ነው።

ጥገና፦ ጎበዝ! እንግዲህ በእጃችን ያለው 5.2 እንጂ 8 አይደለም። እሱንም አሟጠን አንስጥ። ቪኤሙ ከተመደበለት በላይ ትንሽ ይወስዳል፤ ብራውዘሩም ገጽ በተከፈተ ቁጥር ያብጣል። ከ1 ጊጋ በላይ ትተን 4 እንስጠው። ኮሩን 2 እናድርገው፤ አራቱንም ከያዘ በወር መጨረሻ ዋናው መተንፈሻ ያጣል። ቪኤሙ ጨርሶ መጥፋት አለበት፣ ባለበት ሴቭ ተደርጎ ከሆነ አይቀበልም።

```
VBoxManage modifyvm "hisab" --memory 4096 --cpus 2
```

ሒሳብ ያዥ፦ የራሙን ተቀብያለሁ። በ2 ኮር የወር መዝጊያው ሪፖርት ቢንቀራፈፍስ?

ጥገና፦ ሪፖርቱ ሲወጣ ዊንዶውሱ ውስጥ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱት። ሁለቱም ኮር 100 ላይ ተለጥፈው ከቆዩ 3 እናደርገዋለን። አንዱ ብቻ ከሞላ ፕሮግራሙ በአንድ ኮር ነው የሚሠራው፤ መጨመሩ አይረዳም።

ጸሐፊ፦ ስለዚህ 4 ጊጋ፣ 2 ኮር ብዬ እጽፋለሁ፤ የኮሩ ነገር ከወር መዝጊያው በኋላ ይታያል። ተጨማሪ 8 ጊጋ ራም ይገዛ የሚለውን ለብቻው አቀርበዋለሁ። ማሽኑን ከፍቶ ባዶ ቦታ መኖሩን የሚያይልን ማነው?