ዋስትና ነው ወይስ ዋጋ? ብር የሌለው ይቆይ፣ ያለው ይውጣ?

የሰፈሩ ልጅ (ጠያቂ)፦
የአክስቴ ልጅ የሱቅ ሽያጭ ሠራተኛ ነበር። ሒሳብ ጎደለ ተብሎ በእምነት ማጉደል ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ 30,000 ብር አስይዞ ይውጣ አለ። ደመወዙ 4,500 ብር ነው። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን እዚያው ነው። ከእሱ ጋር አንድ ቀን የቀረበ ሌላ ሰው 50,000 ተወሰነበት፣ ከሰዓት በኋላ ወጣ። የብሩ መጠን የሚወሰነው በክሱ ነው ወይስ በኪስ? በምንስ መሆን አለበት?

የመርካቶው፦
ወንድሜ፣ አዝናለሁ፤ ግን ብሩ ካላመመው ማን ተመልሶ ይቀርባል? እኔ ለሠራተኛዬ ዋስ ሆኜ አይቼዋለሁ። ሁለት ቀጠሮ ቀረበ፣ በሦስተኛው ስልኩን አጠፋ። እኔን በመጥሪያ ጠሩኝ። “አምጣው” አሉኝ። ከየት ላምጣው? 20,000 ብር ከፈልኩ። የሚገርመው እናቱ እስካሁን ሰላም ትለኛለች። ስለዚህ ብሩ ከፍ ይበል ባይ ነኝ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ተከሳሹ ከጠፋ ዋሱ በእሱ ቦታ ይታሰራል። እኔ የዳንኩት ብሩን ስለከፈልኩ ነው።

ጠበቃው፦
ጋሼ የመርካቶው፣ መጨረሻ ያሉት ልክ አይደለም። ዋስ የሌላውን ሰው እስራት አይታሰርም። ዋስ የፈረመው ለብር ነው፣ ዕዳውም የፈረመው ብር ነው። ቀሪው የነገሩን በትክክል የሚሆነው ነው፦ ተከሳሹ ካልቀረበ ታስሮ እንዲቀርብ ትእዛዝ ይወጣበታል፣ ዋሱ ይጠራል፣ ካላቀረበው ወይም በቂ ምክንያት ከሌለው ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። እንቢ ቢሉ ንብረትዎ ላይ አፈጻጸም ይመጣል። አንድ ያልተጠቀሙበት በር ግን ነበር። ዋስ የሆነ ሰው “ይህ ልጅ ሁኔታው አላማረኝም፣ ከዋስነት ልውረድ” ብሎ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። ከዚያ ተከሳሹ ተጠርቶ ሌላ ዋስ አምጣ ይባላል። ሰው ይህን የሚሰማው ልጁ ከጠፋ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ አይሠራም።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። 30,000 በተወሰነበት ቀን ስለ ልጁ ገቢ ለዳኛው የነገረ ሰው ነበር? አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ዐቃቤ ሕግ ዋስትናውን ይቃወማል። ተከሳሹ “ይፈቀድልኝ” ይላል። ዳኛው ጎደለ የተባለውን ሒሳብ ያያል፣ ብር ይጽፋል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 69 ግን ዳኛው የክሱን ክብደት ብቻ እንዲያይ አይልም። ሰውየው የመቅረቡን ዕድል፣ ለሕዝብ ሰላም የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን፣ የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም ጭምር እንዲያይ ያዛል። ስለዚህ “በክስ ነው ወይስ በኪስ” ለሚለው ሕጉ በሁለቱም ነው የሚለው። ችሎት ላይ ግን ኪሱን የሚያነሳ የለም።

የሕግ ተማሪ፦
እኔ እንኳን ነገሩ ከዚህ የቀለለ ይመስለኛል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዋስትና መብት ነው ይላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ደግሞ ዋስ የሚከለከለው ክሱ የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ፣ ተጎጂውም የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው ይላል። እምነት ማጉደል እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ዳኛው መከልከል አይችልም፤ ሊከፈል የማይችል ብር መጠየቅ ደግሞ መከልከል ማለት ነው።

ጠበቃው፦
የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገርህን እኔም ችሎት ላይ እላታለሁ። የፊቱ ግን ጎዶሎ ነው። ያው አንቀጽ 19 በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል እንደሚችል ይናገራል። ክሱ ቀላል ቢሆንም በቁጥር 67 ይከለከላል። ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ከተገመተ ማለት ነው። ትግሉ ያለው “ተብሎ ከተገመተ” የሚለው ላይ ነው። በምን ተገመተ? አንዳንዱ ችሎት የፖሊስን ቃል ብቻ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ማስረጃ አምጣ ይላል። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ።

የሹፌር እህት፦
እኔም ልጠይቅ። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሰው ገጭቶ ሰውየው ሞተ። ሆን ብሎ አይደለም፣ ሁሉም ያውቃል። ዋስ ተከለከለ። 100,000 ብር እንኳን እናስይዝ ብንል አይሆንም አሉን። ለምንድን ነው የሱቅ ሠራተኛው የሚፈቀድለት?

የሕግ ተማሪ፦
እህቴ፣ ይህ ሌላ ጥያቄ ነው።

ጠበቃው፦
ሌላ ነው፤ ግን እናቷ ፊት ቁጭ ብላ የምትሰማው እሷ ናት፣ እንመልስላት። እትዬ፣ ክሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቺ። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ 543 ነው። ንዑስ ቁጥር 2 ከሆነ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ነው። ንዑስ ቁጥር 3 ከሆነ፣ ማለትም ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ ነው ከተባለ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ጣሪያው 15 ስለነካና ሰው ስለሞተ ቁጥር 63 ውስጥ ገባ ይሉሻል። “እስከ 15” እና “15ና ከዚያ በላይ” አንድ አይደሉም ብለን እንከራከራለን። እዚህ ላይ ብሩ ብዙ ነው ትንሽ ነው የሚባል ነገር የለም፤ በሩ ራሱ ተዘግቷል። ስለዚህ ጠበቃችሁ መጀመሪያ የሚያየው ንዑስ ቁጥሩን ይሁን። ከ3 ወደ 2 የሚያወርድ ነገር ካለ፣ ዋስትናውም አብሮ ይመጣል።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበርኩ፦
እናንተ ስለ ሕጉ ትከራከራላችሁ፤ እኔ መስኮቱ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ብሩ እኩል ቢሆን እንኳን ሁለት ሰው እኩል አይወጣም። ጥሬ ብር ያለው በዚያው ቀን ያስገባል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ የመፍቻ ትእዛዝ ይጻፍለታል። የቤት ካርታ የያዘው ግን ወረቀቱን ስላሳየ ብቻ አይወጣም። ካርታው በባንክ አለመያዙ፣ እግድ የሌለበት መሆኑ ከመሬት አስተዳደር በደብዳቤ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ እንዳይሸጥ ይታገዳል። የመኪና ሊብሬም እንዲሁ። ደብዳቤ ሄዶ እስኪመለስ ቀናት ያልፋሉ። የደመወዝ ዋስ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ደብዳቤ ላይ ነው የሚወድቀው። ቋሚ ሠራተኛ መሆኑ፣ የወር ደመወዙ፣ ለዋስትና የተጻፈ መሆኑ ካልተገለጸ ይመለሳል። “ለሚመለከተው ሁሉ” ብቻ የሚል ደብዳቤ ይዘው ስንቱ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ጭራሽ ለዋስትና አልጽፍም ይላል።

አርብ ከሰዓት በኋላ የተፈቀደ ዋስትና ደግሞ የሰኞ ዋስትና ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ሒሳቡን ከዘጋ ደጅ ትቆማለህ።

የሰፈሩ ልጅ፦
ለካ ለዚያ ነው። እኛ አጎታችንን የደመወዝ ዋስ አድርገን አቅርበን ነበር። ደብዳቤው ተመለሰ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም። በዚያ ላይ እናቱ ያስፈራት ሌላ ነገር አለ፦ ብሩን ተበድረን ብናስይዝ፣ ጥፋተኛ ከተባለ መንግሥት ይወስደዋል ብለዋታል።

ጠበቃው፦
አይወስደውም። ይህን ሰው ሁሉ ይሳሳተዋል። የተያዘው ብር ቅጣት አይደለም። ልጁ በየቀጠሮው ከቀረበ፣ ነጻ ቢወጣም ቢፈረድበትም ብሩ ይመለሳል። በማን ስም እንደገባ ደረሰኙ ላይ ያለው ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ደረሰኙ ይያዝ፣ ፎቶ ኮፒም ይደረግ። የሚወሰደው ካልቀረበ ነው። አለመቅረብ ብቻም አይደለም። ከሀገር እንዳይወጣ ታዞ ድንበር ላይ ቢገኝ፣ የሱቁን ምስክሮች ደውሎ ቢያስፈራራ፣ ዐቃቤ ሕግ አዲስ ነገር ተገኘ ብሎ ያመለክትና ዋስትናው ሊነሳ ይችላል። ስልኩ ላይ የከሳሹ ባለቤት ቁጥር ካለ ባይደውል ይሻለዋል፤ ለእርቅም ቢሆን በሽማግሌ ይሁን።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ለዚያው ችሎት በጽሑፍ አመልክት። “ብሩ ይቀነስ” ብቻ አትበል። የደመወዝ ደብዳቤውን፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የሚያስተዳድራቸው ሰዎች ካሉ ማስረጃ፣ የመኖሪያ አድራሻውን አያይዝ። ሲጠራ በራሱ እግር ቀርቦ ከሆነ ያንን በጉልህ ጻፍ፤ እሱ ከብሩ ይበልጣል። “ይህ ካልሆነ በጥሬ ብር ፈንታ የደመወዝ ዋስ ይፈቀድልኝ” የሚልም ጨምር። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ በዚህ መንገድ ከ40,000 ወደ 15,000 ወርዶለታል። ሁሌ ይሆናል አልልህም።

ከቨርጂኒያ፦
እኔ እዚህ ስለምኖር አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ብር የሌለው ቦንድስማን የሚሉት ነጋዴ ጋ ይሄዳል። አሥር በመቶ አካባቢ ይከፍላል፣ ነጋዴው ዋስ ይሆናል። ያ አሥር በመቶ ነጻ ብትወጣም አይመለስም። ስለዚህ እናንተ ጋ የሚመለስ ብር መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ድልድዩን ተሻግራችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ብትገቡ ነገሩ ሌላ ነው። ሰው ብር ስለሌለው ብቻ አይታሰርም። ወይ ግዴታ ገብቶ ይለቀቃል፣ ወይ አደገኛ ነው ተብሎ በክርክር ይያዛል። ኢሊኖይ ደግሞ በ2023 የብር ዋስትናን ጨርሶ አስቀርቷል። ግዛቱ አልፈረሰም።

የመርካቶው፦
አሜሪካ እኮ ሰው በአንድ ቁጥር ይገኛል። እዚህ ስልኩን ሲያጠፋ ክፍለ ሀገር ገባ ማለት ነው። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ቤት ቁጥር ሦስት ጊዜ ተከራይ ተቀይሮበታል። ብሩን ስታነሱት በምን ትተኩታላችሁ?

የሕግ ተማሪ፦
በሰው። በመታወቂያ ዋስ። ፖሊስ ጣቢያ እኮ ቀላል ጉዳይ ላይ በመታወቂያ ዋስ ይለቃል። ፍርድ ቤት ለምን አይሞክረውም?

የመርካቶው፦
እኔስ ምን ነበርኩ? ሰው አይደለሁም?

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበርኩ፦
እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፣ ግማሹን። እኔ ያየኋቸው የጠፉ ሰዎች ብሩ ስላነሰባቸው አይደለም የጠፉት። ቀጠሮው ሰባት ስምንት ጊዜ ሲገፋ፣ ሥራ ሲያስቀር፣ የታክሲ ሲያልቅባቸው ነው። አንዱ ጠዋት መጥቶ “ዳኛው ሥልጠና ላይ ናቸው” ተብሎ ሲመለስ፣ በሚቀጥለው ባይመጣ እኔ አልገረምም። ሕጉ ግን ጠፋ ይለዋል። ተከሳሹ ካልተገኘና ክሱ በሌለበት የሚታይ ካልሆነ መዝገቡ እስኪያዝ ይዘጋል፣ የዋሱ ብር ግን አይጠብቅም።

ጠበቃው፦
በሌለበት የሚታየው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው በአብዛኛው። የሱቅ ጉዳይ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ልክ ነሽ፤ ዋሱ ከፍሎ ያልቃል፣ ክሱ ግን ይቀመጣል። ዳኞቹ ብር ከፍ የሚያደርጉትም ይህን ስለሚፈሩ ነው። ተከሳሹን ሊያስመጣ የሚችል ሌላ ነገር እጃቸው ላይ የለም። በዚህ በኩል የመርካቶውን አልነቅፋቸውም።

የሰፈሩ ልጅ፦
ማመልከቻውን ጽፈን ገብተናል። ዛሬ ጠዋት ችሎቱ 15,000 አደረገው፣ ወይም የደመወዝ ዋስ። አጎቴ አዲሱን ደብዳቤ ለማጻፍ መሥሪያ ቤቱ ሄዷል፤ ሰው ኃይል ክፍሉ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ብሎታል። ዛሬ አርብ ነው። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።