ለጃፓናዊ ባልደረባዬ ስህተቱን እንዴት ልጻፍለት?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ጣና ላይ የውሃ ጥራት እንለካለን። ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ጃፓን ያለ ባልደረባችን ነው። የጉማራ ወንዝ መግቢያ የናይትሬት ሠንጠረዥ ተሳስቷል። ከዚህ በፊት አንድ ጓደኛችን ለሁሉም ግልባጭ አድርጎ «ይሄ ስህተት ነው፣ አስተካክል» ብሎ ጽፎለት ነበር። «ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በስብሰባ ላይ ሐሳብ መስጠት አቁሟል። አሁን እስከ አርብ መስተካከል አለበት። ሳላስቀይመው እንዴት ልጻፍ?

ሳምሪ፦ መጀመሪያ አመስግነው፣ መሀል ላይ ስህተቱን ጣል አድርግ፣ ከዚያ በምስጋና ዝጋ። ደግሞ ለብቻው ጻፍለት፤ ሰው ፊት አታሳፍረው።

የጀልባው ልጅ፦ እኔ ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ ነው የማመላልሰው። አንዳንዱ እንግዳ ገና ከጀልባ ሳይወርድ «ሞተርህ ይጮኻል» ይለኛል። ጃፓኖቹ ግን ፈገግ ብለው አመስግነው ይሄዳሉ፤ ቅሬታቸውን የምሰማው ከአስጎብኚው ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ተቀይሞሃል ማለት ነው። ደውልና ይቅርታ ጠይቀው።

ጠያቂ፦ እኔ እኮ ገና ምንም አልጻፍኩለትም።

እቴቴ ዘጣና፦ ከጃፓኖች ጋር ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁና ላግዝህ። ሳምሪ «ለብቻው» ያለችው ትክክል ነው፤ ከሁሉም በላይ እሱን ያዝ። ስህተቱ እውነት ቢሆንም እንኳ ሰው እያየ ሲነገረው ነው የሚከብደው። ምስጋናውን ግን ከላይም ከታችም አትከምርበት። እንዲህ ያለ አንባቢ ያልተመሰገነው የቱ እንደሆነ ይፈልጋል፤ ወይ ደግሞ ምስጋናውን ይዞ ስህተቱን ያልፈዋል። ማመስገን ከፈለግህ አንድ እውነተኛ ነገር ጠቅሰህ አመስግን፣ በቃ።

ሁለተኛው፣ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ቁጥሩ ጻፍ። ለመሆኑ ስህተቱ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ መዝገባችን ላይ 2.2 ሚሊግራም በሊትር ይላል፤ የተለካው በናይትሬት ነው። እሱ ሠንጠረዥ ላይ ያው 2.2 በናይትሮጅን ዓምድ ሥር ገብቷል።

እቴቴ ዘጣና፦ እንግዲያው ከአራት እጥፍ በላይ አጋንኖታል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍለት ነበር፦

«የጉማራን ረድፍ ከመስክ መዝገባችን ጋር አመሳከርኩት። መዝገቡ ላይ ያለው 2.2 በናይትሬት የተለካ ነው። ወደ ናይትሮጅን ሲቀየር ለ4.43 ስለሚካፈል 0.5 ገደማ አገኘሁ። ከእኛ የተላከው ቅጽ የትኛው እንደሆነ በግልጽ አላሳየ ይሆናል። ሪፖርቱ አርብ ስለሚወጣ ሐሙስ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አብረን ብናየው ይመችሃል?»

ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ስለሚቀድም ያ ሰዓት ለእሱ ከሰዓት በኋላ ነው። «ቅጹ አላሳየ ይሆናል» የምትለው ግን ቅጹ በእውነት ግልጽ ካልሆነ ብቻ ነው፤ ለማባበል ብለህ ጥፋት አትፍጠር። ደግሞ ቁጥሩና ቀኑ እንዳለ መቀመጡን ልብ በል። «ምናልባት ትንሽ ልዩነት ያለ ይመስላል» ብለህ ብታቆም ኖሮ ምን ማስተካከል እንዳለበት አያውቅም ነበር።

ሳምሪ፦ እሺ፣ መግባባታችሁን በምን ያውቃል? «ገባኝ» ካለው አይበቃም?

እቴቴ ዘጣና፦ አይበቃም እህቴ። «አዎ» ሲል መልእክትህ ደርሶኛል ማለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ግልጽ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ የተስተካከለውን ረድፍ እንዲልክለት ይጠይቀው። 0.5 ሆኖ ከመጣ ገብቶታል። «ትንሽ ያስቸግር ይሆናል» ብሎ ከመለሰ ደግሞ አይሆንም ማለቱ እንደሆነ ጠርጥር፤ ምን እንዳስቸገረው ረጋ ብለህ ጠይቀው። ሦስት ነገር ጠይቀኸው ሁለቱን ብቻ መልሶ ሦስተኛውን ሳያነሳ ካለፈም፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ እኛም አገር ከባድ ነገር በሽማግሌ ነው የሚነገረው። በመካከላችሁ የሚያከብረው ሰው ካለ በእሱ በኩል አስነግረው።

እቴቴ ዘጣና፦ ጋሼ፣ ለትልቅ ቅራኔ እውነት ነዎት። ለአንድ ረድፍ ግን ሦስተኛ ሰው ሲገባ ነገሩ ይገዝፋል ብዬ እፈራለሁ።

ጋሽ መምህር፦ ባለፈው ሁሉ ሰው እያየ ተነግሮት የለ እንዴ? እሱ ሳይሽር አዲስ ደብዳቤ ቢለሰልስም ምን ያደርጋል?

ማሜ፦ ሁላችሁም «ጃፓናዊ» ብቻ ነው የምትሉት። የኔ ጃፓናዊ ባልደረባ ጀርመን ነው የተማረው፤ ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። መጀመሪያ እሱ ራሱ የእናንተን ስህተት እንዴት አድርጎ እንደጻፈ የድሮ ኢሜይሎቹን እይ።

ጠያቂ፦ አሁን አየሁ። የኛን ስህተት አንድም ጊዜ ለሁሉም ጽፎ አያውቅም፤ ሁሌ ለብቻችን በጥያቄ ነው የላከው። ቅጹንም ከፍቼ አየሁት፣ እውነትም መለኪያውን አይለይም። እቴቴ እንዳሉኝ ለብቻው ዛሬ እልካለሁ። የበፊቱን ነገር ግን ጓደኛዬ ራሱ ያንሳለት ወይስ ዝም ይባል፣ ገና አልወሰንኩም። ያጋጠማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።