ተቆጣጣሪው ራሱ ሲቆም ማን ይንገረኝ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ነገር ላይ እርዱኝ። ሰርቨሮችን በየ5 ደቂቃው እያየ ችግር ሲያገኝ ኢሜይል የሚልክልኝ ስክሪፕት አለኝ። ባለፈው ዲስኩ ሞልቶ ስክሪፕቱ ዝም ብሎ ቆመ፣ ኢሜይል ስላልመጣ ደግሞ ሁሉም ሰላም መሰለኝ። አሁን ሌላ ቦታ ያለ ማሽን ምልክት እንዲጠብቅ፣ ለ15 ደቂቃ ከጠፋበት እንዲደውልልኝ አደረግኩ፦

```
*/5 * * * * timeout 240 /opt/check.sh && curl -fsS -m 10 https://HOST/ping
```

`timeout` የጨመርኩት ስክሪፕቱ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቢቀር እንዲቆርጠው ነው። ምልክቱንም መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ለዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ስራው ሳያልቅም "አለሁ" ይላል።

የተቸገርኩት እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ስክሪፕቱ 1 መልሶ ይወጣል፣ ስለዚህ `&&` ምልክቱን ያስቀረዋል፣ እኔም ተቆጣጣሪው ደህና ሆኖ ሳለ "ሞቷል" የሚል ጥሪ ይደርሰኛል። በ`;` ብቀይረው ደግሞ ስክሪፕቱ ገና ሲነሳ ቢሰበርም ምልክቱ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ያሰብኩት ሁሉንም አይቶ ከጨረሰና ኢሜይሉም ከተላከ ሰርቨር ወድቆም ቢሆን 0 እንዲመልስ ነው። ይህ ያስኬዳል? ጠባቂው ማሽን ራሱ ቢጠፋስ በምን ላውቅ? የሰራችሁት ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።