የሽንት ቤቱ ውሃ አልቆም አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የሽንት ቤታችን ውሃ መፍሰሱን አላቆም ብሎ ሮቶው በአንድ ሌሊት ባዶ እየሆነ ነው፣ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣልን።

የሳጥኑን ክዳን ስከፍት ውሃው ሞልቶ መሃል ባለው የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ ይገባ ነበር። የተንሳፋፊውን ብሎን አዙሬ ዝቅ ስላደረግኩት አሁን ከቱቦው አፍ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል። ግን በየ10 ደቂቃው ሿ ብሎ እንደገና ይሞላል።

ትናንት የመግቢያውን ቧንቧ ዘግቼ የውሃው ልክ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። በግማሽ ሰዓት ሁለት ጣት ወረደ። እንግዲህ የሚያፈሰው ከታች ያለው ጎማ ይመስለኛል። አውጥቼ ሳየው ጠርዙ ላይ ነጭ ቅርፊት ይዟል፣ በኮምጣጤ አጠብኩት፣ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ጎማውን ብቻ ብቀይር ይበቃል? ወይስ የሚቀመጥበት አፍ ተሰንጥቆ ይሆን፣ እሱንስ በምን አውቃለሁ?